ስብከት የመሰለ ጽሑፍን ለጋዜጣ አስተያየት ዓምድ እንዴት እናስተካክል?

ደሴ ውስጥ መጻፍ የሚወዱ መምህራንና ጡረተኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ጽሑፌን ለጋዜጣ ልኬ ነበር። አዘጋጁ ‹ስብከት ይመስላል› ብሎ መለሰልኝ። ምኑ ነው ስብከቱ? እውነት አይደለም እንዴ የጻፍሁት?» እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳት፣ አሠራሩን እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ምሳሌ የማደርገው የሠርግ ወጪን ነው። በዚህ ጉዳይ የሚደርሱኝ ጽሑፎች ከሌላው ሁሉ ይበዛሉ። የሚከተለው አንቀጽ የማንም አይደለም። የሚደርሱኝን እንዲመስል አድርጌ እኔው የጻፍሁት ነው፦

«ወገኖቼ ሆይ! ዛሬ ዛሬ ሠርግ የትዕቢት መድረክ ሆኗል። ለአንድ ቀን ጭፈራ የዓመት እህሉን የሚሸጥ፣ ለታይታ ሲል ዕዳ ውስጥ የሚዘፈቅ አባካኝ ትውልድ ተፈጥሯል። አባቶቻችን በልክ ይኖሩ ነበር። እኛን ግን ምን ነካን? መቼ ነው የምንነቃው? ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘለሉ አይሰበሩም ይባላል። ቅዱስ መጽሐፍም ስለ ትዕቢት አስጠንቅቆናል። ሁላችንም ወደ ልባችን ልንመለስ ይገባናል። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊመክሩ፣ ወጣቶችም ከታይታ ሊርቁ ይገባል!»

የሚያስፈልጋችሁ

- ጽሑፉ በወረቀት ታትሞ፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው። ስልክ ላይ እያዩ ማረም ለዚህ ሥራ አይመችም።
- ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥቂት ባዶ ወረቀት።
- ልታነጋግሯቸው የምትችሏቸው ሦስት ሰዎች። ለዚህ ምሳሌ በቅርቡ የደገሰ ሰው፣ የቅሬ ማለትም የዕድር ጸሐፊ፣ እንዲሁም የድግስ ዕቃ የሚያከራይ ወይም ከብት የሚነግድ ሰው ይበቃሉ።
- የምትልኩበት ጋዜጣ የቅርብ እትሞች። በኵርም ይሁን ሪፖርተር፣ የአስተያየት ገጹን አንብቡና የጽሑፎቹን ርዝመት ልብ በሉ።
- ሁለት ቀን። በአንድ ቁጭታ አትጨርሱት፤ በማግስቱ ሲያነቡት ትናንት ያላዩት ስብከት ይታያል።

1. ፍርዱንና መረጃውን በቀለም ለዩ

እያንዳንዱን ሐረግ አንብቡ። ሰው ጠይቆ ወይም ሄዶ አይቶ ማረጋገጥ የሚቻል ከሆነ ከሥሩ በሰማያዊ አስምሩ። የእናንተ ፍርድ፣ ምክር ወይም ቁጣ ከሆነ በቀይ።

ከላይ ያለውን አንቀጽ ስታሰምሩት ሰማያዊ የሚሆኑት ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ እህል መሸጥና ዕዳ መግባት። «አባቶቻችን በልክ ይኖሩ ነበር» መረጃ ይመስላል። ግን የትኞቹ አባቶች፣ መቼ፣ በምን ልክ? ማንን ጠይቀን እናረጋግጠዋለን? ቀይ ነው።

በአማርኛ ስብከት የሚደበቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። «ሊሆን ይገባል»፣ «አለብን»፣ «እንንቃ»፣ «እንመለስ»፣ «ሆይ»፣ «ዛሬ ዛሬ»፣ «ይህ ትውልድ»፣ ከዚያ መልስ የማይጠበቅባቸው ጥያቄዎች። «መቼ ነው የምንነቃው?» የሚል ሰው ራሱ ነቅቷል፤ የተኛው አንባቢው ነው። አንባቢ ይህን ወዲያው ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማስረጃ በቅን ልብ አያነብም።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ቃላት ለመቀየር አይደለም። ምን ያህል መረጃ በእጃችሁ እንዳለ ለማወቅ ነው። ወረቀቱ ከሞላ ጎደል ቀይ ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን ብታለሳልሱም የሚቀረው ለስለስ ያለ ስብከት ነው። የጎደለው መረጃ ነውና እሱን ፍለጋ መውጣት አለ።

2. ሊከራከሩበት የሚቻል አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

በባዶ ወረቀት ላይ የጽሑፋችሁን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ አንድ ጨዋና አስተዋይ ሰው በዚህ አልስማማም ሊል ይችላል?

«ማባከን መጥፎ ነው» ላይ ማንም አይከራከርም። ማንም ካልተከራከረ ደግሞ የአስተያየት ጽሑፍ አያስፈልገውም። እንዲህ ብንለውስ፦

«በአንድ ቅሬ ያሉ ቤተሰቦች የሠርግ ድግስን ልክ በጋራ ቢወስኑ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይደፍረውን ቅነሳ አብረው ሊያደርጉት ይችላሉ።»

ይህ ያከራክራል። ቅሬ ለቀብር ነው የሚል አለ። የግል ጉዳዬ ነው የሚል አለ። ደንቡን ማን ያስከብረዋል የሚልም አለ። በጣም ጥሩ፤ ጽሑፉ የሚሠራው ሥራ አገኘ ማለት ነው። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አድራጊው፣ ድርጊቱና መንገዱ መኖራቸውን ተመልከቱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወደ ምክር ይመለሳል።

3. ሰዎቹ ለምን እንደሚያደርጉት ጠይቁ

ከሁሉ ረዥም ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ ጽሑፉ የሚመለስበትም ለዚሁ ነው።

ስብከት ለሰው ድርጊት ሁልጊዜ አንድ ምክንያት አለው፤ የጠባይ ጉድለት። ትዕቢት፣ ታይታ፣ ስንፍና። የደገሰውን ሰው ራሱን ስትጠይቁ ግን ሌላ ነገር ትሰማላችሁ። አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። «ለምን ይህን ሁሉ ብር አወጣህ?» ካላችሁ መከላከያ ነው የምታገኙት። «የሚጠራውን ሰው ብዛት ማን ወሰነው?»፣ «ብትቀንሱ ከማን ትጀምሩ ነበር?»፣ «ከወጪው የትኛው ከበዳችሁ?» በሉ። እነዚህ ሰውየውን አይከሱትም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ያስተርኩታል።

በእኛ አካባቢ በዚህ ጉዳይ ሦስት መልሶች አይቀሩም።

የመጀመሪያው ብድር ነው። ባለድግሱ በሌሎች ቤት በልቷል፣ ሌሎች የእሱን ጠላ ጠምቀዋል፣ እንጨት ፈልጠዋል፣ ገንዘብ አግዘዋል። እነሱን አለመጥራት ቁጠባ ሳይሆን ክህደት ሆኖ ነው የሚታየው። ከአንዱ የወሰደውን ለሌላው እየመለሰ ያለ ሰው «ታይታህን ተው» ቢባል ምክሩ አይነካውም።

ሁለተኛው ቀዳሚ መሆን መፍራት ነው። ሁሉም ድግሱ ቢቀንስ ይወዳል፤ መጀመሪያ ቀንሶ «ቆጥቋጣ» መባልን ግን ማንም አይፈልግም። ወጪው የሚቀጥለው ሁሉም ስለሚወደው ሳይሆን ብቻውን የሚያቆም ስለሌለ ነው።

ሦስተኛው ለወሎ የተለየ ክብደት አለው። ጎረቤቱና ዘመዱ ሙስሊምም ክርስቲያንም ስለሆነ ብዙ ባለድግስ ለሁለቱም ለየብቻ ያርዳል፣ ለየብቻ ያሠራል። አንድ በሬ የሚበቃበት ቦታ ሁለት እርድ ይገባል። ይህን ወጪ ትዕቢት ብሎ የሚጠራ ጸሐፊ እንግዳ አክባሪነትን እየሰደበ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

አሁን መፍትሔው ራሱ ይቀየራል። ችግሩ ትዕቢት ቢሆን መድኃኒቱ ምክር ይሆን ነበር። ችግሩ ማንም ብቻውን ማቆም አለመቻሉ ከሆነ፣ መድኃኒቱ የጋራ ውሳኔ ነው። በደረጃ 2 የጻፋችሁት ዐረፍተ ነገር ከሰማችሁት ጋር ካልገጠመ ዐረፍተ ነገሩን ቀይሩ እንጂ የሰማችሁትን አትጠምዝዙ።

የሰማችሁትን ስትመዘግቡ ቦታውንና ወሩን አብራችሁ ጻፉ። የበሬ ዋጋ በጥር እና በሰኔ አንድ አይደለም፤ ባቲ ገበያና ደሴም ላይገጥሙ ይችላሉ። ቀን የሌለው ዋጋ ጋዜጣው ሲወጣ ያሳፍራችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሦስት ሰው አነጋግራችሁ «የወሎ ሕዝብ» ብላችሁ አትጻፉ። «ያነጋገርኋቸው ቤተሰቦች» በሉ። ጠበብ ያለ አነጋገር ጽሑፉን አያዳክመውም፤ አንባቢ የተቀረውን እንዲያምን ያደርገዋል።

4. ዐረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ለውጡ

ወደ ቀዩ መስመር ተመለሱ። እያንዳንዱ ከሦስት ነገር አንዱ ይደርስበታል፤ ይሰረዛል፣ በመረጃ ይተካል፣ ወይም አድራጊ ይሰጠዋል።

«አባካኝ ትውልድ ተፈጥሯል» በመረጃ ይተካ። «ባለፈው ጥር ልጃቸውን የዳሩ ሁለት ቤተሰቦችን አነጋግሬ ነበር። ሁለቱም ገንዘብ የተበደሩት ለእርድ ከብት መግዣ ነው።» እዚህ ላይ የእናንተ መረጃ ይገባል፤ የእኔን ምሳሌ እንዳትገለብጡት። ስድቡ ሲወጣ ዐረፍተ ነገሩ ለስለስ ያለ ይመስላል እንጂ ክብደቱ ጨምሯል። ትውልድን መስደብ ለማንም ቀላል ነው፤ የብድሩን ምክንያት ማወቅ ግን ሥራ ይጠይቃል።

«አባቶቻችን በልክ ይኖሩ ነበር» ይሰረዝ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «በእኛ ጊዜ ሠርግ ቀናት ይቆይ ነበር» ካሉ ጽሑፉ በሙሉ ይወድቃል። (እኔ የማውቃቸው ሽማግሌዎች ደግሞ ይህን ከማለት አይመለሱም።)

«መቼ ነው የምንነቃው?» እውነተኛ ጥያቄ ይሁን። «አንድ ቤተሰብ ብቻውን ድግሱን ቢቀንስ ምን ይደርስበታል?» መልሱን ቀጥለው ባለው ዐረፍተ ነገር ስጡት። መልስ የተከተለው ጥያቄ አንባቢን ያስከትላል፤ ያልተከተለው ይቆጣዋል።

«ወላጆች ልጆቻቸውን ሊመክሩ ይገባል» አድራጊና ጊዜ ይፈልጋል። «ቅሬዎች ጥር ከመግባቱ በፊት በሚያደርጉት ስብሰባ ጉዳዩን ለውይይት ቢያቀርቡት» ይሻላል። «ይገባል» ክልክል አይደለም። በአንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ፣ አድራጊው በግልጽ ከተጠቀሰ ይበቃል።

5. ተረቱንና ጥቅሱን ፈትሹ

«ካልጠገቡ አይዘሉም» ቆንጆ አባባል ነው። ግን ስለ ጠገበ ሰው ነው የሚናገረው። የእኛ ባለድግስ ደግሞ ጠግቦ ሳይሆን ተበድሮ ነው የደገሰው። ተረቱ የራሳችሁን መረጃ ያፈርሰዋል። ተረት ስታስገቡ ቃል በቃል ጉዳያችሁ ላይ አስቀምጡትና ይገጥም እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ያነጋገራችሁት ሰው ራሱ ከተናገረው ግን እንደ ንግግሩ ይግባ።

የሃይማኖት ጥቅስ ሌላ ጉዳይ ነው። የአንድ ቅሬ አባላት፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ልጆች፣ ሁለት እምነት አላቸው። ከአንዱ መጽሐፍ የጠቀሳችሁት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። ከሁለቱም አንድ አንድ ጥቅስ ማዋጣትም መፍትሔ አይደለም፤ ስብከቱ ሁለት ሆነ እንጂ አልቀረም። አውጡት።

6. የተቃዋሚውን ጠንካራ ክርክር ራሳችሁ አቅርቡ

ደካማውን መርጣችሁ አትምቱ። እዚህ ጠንካራው ይህ ነው፤ «ቅሬ የተቋቋመው ለሐዘን ነው። በሠርጌ ምን አገባው?»

ይህን በአክብሮት ጻፉትና የሚቀበሉትን ያህል ተቀበሉ። ቅሬ በሰው ኪስ ማዘዝ አይችልም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ቅሬ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን አለው፤ አባላት ለሠርግም ይገለገሉበታል። በራሱ ዕቃ ላይ ደንብ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ሐሳባችሁ ይጠብባል፤ «የሠርጉን ወጪ ይወስን» ሳይሆን «ዕቃውን ለምን ያህል እንግዳና ለስንት ቀን እንደሚያውስ ይወስን»። የቅሬውን ጸሐፊ ማነጋገር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ደንቡ ስለ ሠርግ ምን እንደሚል ሳታውቁ ይህን መጻፍ አትችሉም።

የሐሳባችሁን ወሰንም ተናገሩ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አዳራሽ ተከራይቶ የሚደግስ ሰው የቅሬ ዕቃ አያስፈልገውም። እሱን ይህ ሐሳብ አይመለከተውም ብላችሁ ጻፉት። እናንተ ካልጻፋችሁት ሌላው በሚቀጥለው እትም ይጽፈዋል።

7. እንደገና ጻፉት

አሮጌውን ወረቀት ገልብጣችሁ አስቀምጡ። እያዩ ከጻፉ የድሮው ዜማ ይመለሳል። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ቦታዎቹን ጠይቃችሁ ሙሉት፦

«ባለፈው ጥር ኩታበር አካባቢ ለአንድ ሠርግ ከወጣው ወጪ ትልቁ የእርድ ከብት ዋጋ ነበር፤ …… ብር። ቤተሰቡ ከዚህ ውስጥ …… ብሩን ተበድሯል። ለምን እንግዳ አልቀነሱም? ባለድግሱ የእንግዶቹን ዝርዝር አሳይተውኛል፤ አብዛኞቹ ቀደም ሲል እሳቸውን የጠሩ ሰዎች ናቸው። እነሱን መተው የበሉትን አለመመለስ ነው። አንድ ቤተሰብ ይህን ሰንሰለት ብቻውን ሊበጥስ አይችልም። በአንድ ቅሬ ያሉ ቤተሰቦች ግን አብረው ሊያሳጥሩት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።»

«ብዬ አምናለሁ» መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የቅሬው ሐሳብ በዝርዝር፣ ከዚያ ተቃውሞውና መልሱ፣ ከዚያ የሐሳቡ ወሰን ይመጣል።

8. በቅርቡ ለደገሰ ሰው አንብቡለት

ከእናንተ ጋር ለሚስማማ ሰው አታንብቡ። የደገሰው ሰው ፊቱ የጠቆረበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ቀይ ሐረግ ተርፏል። ካልተስማማ ግን ካልተቆጣ ጽሑፉ ደርሷል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ስብከትን ሸሽቶ ወደ ቢሮ ቋንቋ መግባት። «ባለድርሻ አካላት በቅንጅት ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለው ስብከት አይደለም፤ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅበትም። «የቅሬው ጸሐፊ ደንቡን ለአባላት ያነብባል» በሉ።

ገለልተኛ መሆንን አቋም ማጣት አድርጎ መውሰድ። «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ብሎ መሃል ላይ የሚቆም ጽሑፍ አስተያየት አይደለም። ገለልተኛ የሚሆነው ድምፁ ነው፤ አቋሙ ግልጽ ይሁን።

በየዐረፍተ ነገሩ «ይመስለኛል» መጨመር። የበሬ ዋጋ አይመስልም፤ ወይ ታውቁታላችሁ ወይ አታውቁትም።

ስብከቱን ለመጨረሻው አንቀጽ ማስቀመጥ። ይህ ከሁሉ ይበዛል። ሰባት አንቀጽ በትዕግሥት የጻፈ ሰው ስምንተኛው ላይ «እንግዲህ ሁላችንም…» ይላል። መጨረሻውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡ። ምንም ካልጎደለ ሰርዙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም። በትንሽ ከተማ «ባለፈው ጥር ልጁን የዳረው የእህል ነጋዴ» ማለት ስሙን ከመጻፍ አይለይም። ሙያውን፣ ቀበሌውንና ወሩን በአንድ ላይ አታስቀምጡ፤ አንዱን ተዉት። ከመላካችሁ በፊትም ለሰውየው ስለ እሱ የሚያወራውን ክፍል አሳዩት። የሁለቱን እምነት ድግስ በወጪ ማወዳደርም ይቅር፤ ለክርክራችሁ አያስፈልግም፣ ነገር ግን አንባቢ የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ይሆናል።

ሲላክ

ርዕሱንም ለውጡ። «እንንቃ!» የነበረው «ቅሬ ለሠርግ የሚያውሰውን ዕቃ ልክ ቢወስንስ?» ይሁን። ርዝመቱን ጋዜጣው ከሚያወጣቸው ጋር አስተካክሉ። አዘጋጅ ቦታ ሲጠበው ብዙውን ጊዜ ከታች ስለሚቆርጥ ዋናው ሐሳባችሁ መጨረሻ ላይ አይሁን። አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጋዜጣ አትላኩ። ስለ ሠርግ ከሆነ ደግሞ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ መጀመሪያ ላኩት፤ የክርስቲያኑ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ስለሚበዛ፣ ጥር ላይ የወጣ ጽሑፍ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነው የሚደርሰው።